አጭር የምስጋና ንግግር፦ በ"አመሰግናለሁ"፣ በምርቃት ወይስ በጨዋታ ይዘጋ?

"እስቲ ሁለት ቃል በሉን" ሲባል ሰው የሚጠብቀው ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ረጋ ብሎ ሲነገር ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ኬኩ ገና አልተቆረጠም፣ ለስላሳው እየሞቀ ነው፣ ከኋላ የተቀመጡት ደግሞ የታክሲ ሰልፉን እያሰቡ ነው። በዚያች ግማሽ ደቂቃ ምን እንደሚባል ቀድሞ መምረጥ ያስፈልጋል።

ሰው የሚናገረው ሲደመጥ ብዙ ዓይነት ይመስላል እንጂ ዞሮ ዞሮ ሦስት ነው። በ"አመሰግናለሁ" የሚዘጋ አለ። በምርቃት የሚዘጋ አለ። አብረው ያሳለፉትን አንድ ነገር አንስቶ በጨዋታ የሚዘጋም አለ። የምለያቸው በመጨረሻ ቃላቸው ነው፤ ምክንያቱም ቤቱ መልስ የሚሰጠው ለእሱ ነው። "አመሰግናለሁ" ስትሉ ይጨበጨባል። ስትመርቁ "አሜን" ይባላል። ጨዋታ ስታነሱ ይሳቃል። ከዚያ በኋላ የምትሉትን ማንም አይሰማም።

ይህን ያላሰበ ሰው ምን እንደሚገጥመው ከማንኛውም ሽኝት ላይ ማየት ይቻላል። ተሸኚው ገና ከመነሳቱ "ሁላችሁንም አመሰግናለሁ" ይላል። ቤቱ ያጨበጭባል። ዋናውን ነገር፣ ማለትም ታምሞ በተኛ ጊዜ ሥራውን ሸፍነው ስለያዙለት ልጆች ሊናገር ሲል መድረክ መሪው ማይኩን ተቀብሎታል። "አመሰግናለሁ" ማለት በሰው ጆሮ "ጨረስኩ" ማለት ነው። ስለዚህ የትኛውንም ብትመርጡ የመዝጊያዋን ቃል እስከ መጨረሻው ያዟት።

በ"አመሰግናለሁ" የሚዘጋው

ይህ የመሥሪያ ቤት አነጋገር ነው። የበላይ ኃላፊ ባለበት፣ እንግዳ በተጋበዘበት፣ ሰዎቹ በደንብ በማይተዋወቁበት ቦታ ይሄኛው ይሻላል። የዓመቱ ምስጉን ሠራተኛ ተብሎ ሰርተፍኬት የተሰጠው ሰው እንዲህ ቢል ይበቃዋል፦

"ኮሚቴው ስለመረጠኝ ደስ ብሎኛል። ይህን ሥራ ከግዢ ክፍል ልጆች ጋር ነው የሠራሁት፤ በተለይ ሰኔ ላይ በጀት ሲዘጋ እስከ ማታ አብረውኝ ቆይተዋል። አመሰግናለሁ።"

እዚህ ውስጥ "ከልብ የመነጨ" የለም፣ "በዚህ አጋጣሚ" የለም፣ "ላቀርብ እወዳለሁ" የለም። እነዚህ ሐረጎች ስህተት ሆነው አይደለም። ግን ንግግሩ በጠቅላላ ሦስት ዓረፍተ ነገር ሲሆን አንዱን ሙሉ ይበሉታል። ሌላም ነገር አለ፦ መድረክ መሪው ሰርተፍኬቱን ሲያነብ "ላበረከቱት የላቀ አስተዋጽኦ" ብሎ ጨርሷል። እናንተም በዚያው ቋንቋ ከመለሳችሁ ወረቀቱ ሁለት ጊዜ የተነበበ ይመስላል።

የዚህ ዓይነቱ ንግግር ትልቁ ችግር የስም ዝርዝር ነው። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ስለዚህ "ለአቶ እገሌ፣ ለወይዘሮ እገሊት፣ ለሰው ሀብት ክፍል፣ ለፋይናንስ ክፍል…" እያለ የሚሄድ ሰው "አመሰግናለሁ" እስኪደርስ ድረስ አድማጩ ምን ሊባል እንደሆነ አያውቅም። በመሃል የኃላፊው ስም ሲጠራ አንዱ ያጨበጭባል፣ ሌላው ይከተለዋል፤ ተናጋሪው ደግሞ የት እንደደረሰ ይጠፋዋል። ሁለት ስም ድረስ ጥሩ ነው። ሦስተኛውን ከጠራችሁ አራተኛው መቀየሙ አይቀርም። "ስማችሁን ያልጠራሁ ይቅርታ" የምትባለዋም አትፈታውም፤ እንዲያውም ያልተጠራው ሰው መረሳቱን በይፋ ትነግረዋለች። ከሁለት በላይ ከሆኑ በስም መጥራቱን ትታችሁ በሥራቸው ጥሯቸው። "ማታ ማታ አብረውኝ የቆዩት" ሲባል የቆዩት ሰዎች ራሳቸውን ያውቃሉ።

ሽልማት ላይ "ለእኔ አይገባኝም ነበር" ማለት ትሕትና ይመስላል። ግን የመረጠው ኮሚቴ እዚያው ተቀምጧል፤ ተሳስታችኋል እያላችሁት ነው። አብረዋችሁ ታጭተው ያላለፉትም እዚያው ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ በሆዳቸው "ታዲያ ለምን ወሰድከው?" ማለታቸው አይቀርም። "ደስ ብሎኛል" የምትለው አጭር ቃል ማንንም አትነካም።

በምርቃት የሚዘጋው

ጡረታ፣ የእድር ወይም የማኅበር ሽኝት፣ ታላላቆች ያሉበት ቤት ከሆነ እኔ ያለ ማመንታት ይሄን እመርጣለሁ። የእድር ገንዘብ ያዥ ሆነው ለብዙ ዓመት ያገለገሉ ሰው ሒሳቡን ለተተኪያቸው ሲያስረክቡ ጋቢ ይደረብላቸዋል እንበል። እዚያ ላይ "አመሰግናለሁ" ብቻ ይደርቃል። እንዲህ ሲሉ ግን ይሞላል፦

"ደብተሩን ስታስረክቡኝ አምናችሁኝ ነበር፤ እኔም ዛሬ ሳይጎድል መልሼላችኋለሁ። በመሃል ያስቀየምኩት ሰው ካለ ይቅር ይበለኝ። ከዚህ የበለጠ የምንረዳዳበት እድሜ ይስጠን።"

"አሜን" ይባላል፤ አለቀ።

እዚህ ላይ የይቅርታዋን ዓረፍተ ነገር አስተውሉ። በእኛ አገር ሽኝት ላይ የተለመደች ናት፤ ረዥም ጊዜ አብሮ የኖረ ሰው ሲለይ ይጠበቅበታልም። ቦታዋ መሃል ነው። መጨረሻ ላይ ካስቀመጣችኋት ቤቱ ምን እንደሚመልስ ይቸግረዋል፤ "ኧረ ምን አድርገኸን" የሚል ጉምጉምታ ይነሳና ንግግሩ ሳይዘጋ ይቀራል። ሽልማት ላይ ደግሞ ጨርሶ አትገባም። የተሸለመ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ሰው "ምን ሆኖ ነው?" ብሎ መጠርጠር ይጀምራል።

በምርቃት የሚዘጋ ሰው ሁለት ነገር ማየት አለበት። አንደኛው እድሜ ነው። "ተባረኩ"፣ "ከፍ በሉ"፣ "ውለዱ ክበዱ" ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚወርድ ምርቃት ነው። የ25 ዓመት ልጅ ተነስቶ በጡረታ ዋዜማ ያሉትን አለቃውን "ውለዱ ክበዱ" ቢል ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ከታናሽ ወደ ታላቅ የሚያምረው "እድሜና ጤና ይስጥልኝ"፣ "ያኑርልኝ"፣ "ያቆይልኝ" ነው። "እግዜር ይስጥልኝ" ለሁሉም ይሆናል።

ሁለተኛው እምነት ነው። ሰዎቹ ሁሉ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም የአንድ መስጊድ ሰዎች ከሆኑ የለመዳችሁትን በሉ፤ "እግዚአብሔር ያክብርልኝ" ወይም "አላህ ኸይር ጀዛችሁን ይክፈላችሁ" ወይም "ጌታ ይባርካችሁ" ከቤቱ ጋር ይሄዳል። መሥሪያ ቤት ግን ቅይጥ ነው። እዚያ "ፈጣሪ" ማለት ሁሉንም ያስተናግዳል። እሱም ከከበዳችሁ "ኑሩልኝ"፣ "ክበሩልኝ" አለ፤ ስም ሳይጠራ ይመርቃል። አንዱን ብቻ ምረጡ እንጂ "እግዚአብሔርም፣ አላህም፣ ጌታም" እያላችሁ አትደርድሩ። ሁሉንም ለማካተት የተደረደረ ምርቃት የስብሰባ አጀንዳ ይመስላል።

በጨዋታ የሚዘጋው

ይህ ከሦስቱ በጣም የሚወደደውም፣ በቀላሉ የሚበላሸውም ነው። ሰዎቹ በየቀኑ ቡና አብረው የሚጠጡ ከሆኑ፣ ቢሮው ትንሽ ከሆነ፣ የሚለየውም ሰው ወጣት ከሆነ ይመረጣል፦

"አራት ዓመት ሙሉ ፕሪንተሩ ሲነክስ ወረቀቱን ጎትቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እናንተ ደግሞ ቁርስ ሳልበላ የመጣሁ ቀን ሁሉ ከእንጀራችሁ ቆርሳችሁልኛል። እንግዲህ እኔ ሌላ ቦታም እበላለሁ፤ ፕሪንተሩን እንጃላችሁ!"

ሳቁ ከመጣ ምስጋናው ደርሷል ማለት ነው። "አመሰግናለሁ" የምትል ቃል የለችበትም፣ አትጎድልም። መሃል ያለችው የእንጀራ ዓረፍተ ነገር ግን ከተነሳች ነገሩ ፌዝ ብቻ ይሆናል። ጨዋታው የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።

ይህ ዓይነቱ መቼ እንደሚበላሽ አስቀድሞ ይታወቃል። ቀልዱ በራሳችሁ ወይም በዕቃ ላይ መሆን አለበት። "አለቃችን ሲቆጣ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ" ብሎ የጀመረ ሰው ሁሉም ዓይን ወደ አለቃው ሲዞር ያየዋል። አለቃው ቢስቅም ቤቱ የሚስቀው የእሱን ፊት ካየ በኋላ ነው፤ ጨዋታው እዚያው ሞተ። ግማሹ ሰው የማያውቀው የውስጥ ወሬም አይሠራም። ከሌላ ቅርንጫፍ የመጡ፣ ባለቤት ወይም ልጆች የተጋበዙ ከሆነ በምርቃት ወይም በ"አመሰግናለሁ" መዝጋት ይሻላል። የሚያለቅስ ሰው ካለም አትሞክሩት።

አንዱን ይዘን እንሥራው

አንዲት የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ከ8 ዓመት በኋላ ዝውውር አግኝታ ወደ ቤተሰቦቿ ከተማ ልትሄድ ነው እንበል። ከሥራ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ቡና ተፈልቷል፣ ዳቦ ተቆርሷል። የጣቢያው ኃላፊ አሉ። ነርሶቹ፣ የፋርማሲው ልጅ፣ ጥበቃዎቹ፣ በየቀኑ ቡና የሚያፈሉት የጽዳት ሠራተኛ እትዬም አሉ። የመጀመሪያ ረቂቋ እንዲህ ነው፦

"በመጀመሪያ ይህን የሽኝት ፕሮግራም ላዘጋጁልኝ ለጣቢያችን ኃላፊ፣ ለካርድ ክፍል ባልደረቦቼ፣ ለነርሶች፣ ለላቦራቶሪ፣ ለፋርማሲ፣ ለጥበቃና ለጽዳት ሠራተኞች፣ እንዲሁም ስማችሁን ላልጠቀስኩ ሁሉ በዚህ አጋጣሚ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን ላቀርብ እወዳለሁ።"

አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ግን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። በአንድ ትንፋሽ አያልቅም። የጽዳት ሠራተኞቹ ከጥበቃው ጋር ተለጥፈው መጨረሻ ላይ ይመጣሉ፤ እሷ ግን ከሁሉም በላይ ማመስገን የምትፈልገው እትዬን ነው። ሌላው ደግሞ ይህን ዓረፍተ ነገር የትኛውም ጤና ጣቢያ ያለ ሰው፣ የትኛውም ቀን ሊለው ይችላል።

መጀመሪያ የማደርገው አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ እዚህ ባትሠሪ ኖሮ የማታውቂው ነገር ምንድን ነው? መልሷ ወዲያው ይመጣል። ኔትወርክ ሲጠፋ ካርድ በእጅ ይፈለጋል፤ ታካሚው ተሰልፎ ይቆጣል፤ ያን ጊዜ እትዬ መጥረጊያቸውን አስቀምጠው አሮጊቶቹን ወንበር ላይ እያስቀመጡ ያረጋጉላት ነበር። ይሄ ነው ንግግሯ።

አሁን አዘጋጉን እንምረጥ። ጨዋታ? ኃላፊው አሉ፣ የሰልፉ ነገር ደግሞ የጣቢያው ስሞታ ነው፤ ቀልድ ከተደረገ ወቀሳ ይመስላል። ይቅር። "አመሰግናለሁ"? ይሆናል፤ ግን በእድሜ የሚበልጧትን እትዬን ነው የምታመሰግነው፣ ቡናም ተፈልቷል። ስለዚህ ምርቃት፦

"ሰልፉ በረዘመ ቀን ሁሉ እትዬ መጥረጊያቸውን አስቀምጠው ከጎኔ ቆመዋል፤ ኃላፊያችንም አንድም ቀን 'ለምን?' ብለው አልከለከሉም። እኔ ካርድ ነው ያወጣሁት፤ ሰውን ያስተናገዳችሁት እናንተ ናችሁ። እድሜና ጤና ይስጥልኝ።"

ኃላፊው በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አሉ፤ ግን እንደ ግዴታ ስላልተጠሩ ደስ ይላቸዋል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሁሉንም ይይዛል፣ ማንም በስም አልቀረም። እትዬ "እሳቸው" ተብለው ተነግሮላቸዋል፣ ቀሪው ቤት "እናንተ" ተብሏል። ይህን መለየት ከባድ አይመስልም፤ ማይክ ሲያዝ ግን ይምታታል። "እትዬ ከጎኔ ቆመሻል፣ ኃላፊያችን አልከለከሉም፣ አመሰግንዎታለሁ፣ አመሰግናችኋለሁ" እያለ የሚያተራምስ ሰው ብዙ ነው። ለአንድ ሰው ፊቱን ዞሮ መናገር ከፈለጋችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ሙሉ ለእሱ ስጡት፤ ከዚያ ወደ ቤቱ ተመለሱና እስከ መጨረሻው "እናንተ" በሉ።

ከጻፈች በኋላ የቀረው መለማመድ ነው። ወረቀት ይዤ አነባለሁ ብላ ካሰበች እጇን ትቁጠር። በአንድ እጇ ሰርተፍኬት ወይም በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ዕቃ ይዛለች። በሌላው ማይክ አለ። ጋቢ ወይም ነጠላ ከተደረበላት ደግሞ እሱም ከትከሻዋ እየተንሸራተተ ነው። ስልክ አውጥቶ ማንበብም አይመችም፤ ስክሪኑ በመሃል ይጠፋል። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ግማሽ ዓረፍተ ነገርና የመጨረሻዋን ቃል ብቻ በቃል ትያዝ። መሃሉ ያየችው ነገር ስለሆነ ራሱ ይመጣል። እንባ ከመጣባት ደግሞ መሃሉን ዘላ ወደ "እድሜና ጤና ይስጥልኝ" ትሂድ። ቤቱ "አሜን" ይላታል፤ የጎደለውን ማንም አያውቅም።

እናንተ ሸኚዎቹ ከሆናችሁ

ስጦታውን የሚያስረክበው ሰውም ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ እሱ ላይ ግን ምርጫው ይጠባል። የተሸኚውን የሥራ ታሪክ ከቅጥር ቀኑ ጀምሮ መዘርዘር የእሱ ሥራ አይደለም። ሰውየው የሠራውን አንድ ነገር ይናገርና ዕቃውን ይስጥ። በምርቃት መዝጋትን ለተሸኚው ወይም ለታላላቆች መተው ይሻላል፤ ሸኚው መርቆ ተሸኚውም ከመረቀ "አሜን" ሁለት ጊዜ ይሆንና ሁለተኛው ይቀዘቅዛል። እኔ ሸኚው በ"እናመሰግናለን" ቢዘጋ እመርጣለሁ፦

"ማኅደር ጠፋ ሲባል ሁላችንም የምንሮጠው ወደ እሳቸው ነበር፤ ከነገ ጀምሮ ወደ ማን እንደምንሮጥ አናውቅም። ጋሼ፣ ቡናውን ቤትዎ ድረስ መጥተን እንጠጣለን። እናመሰግናለን።"

"ጋሼ"፣ "እትዬ" ቢሮ ውስጥ የሚጠሩበት ከሆነ መድረክ ላይም ይያዙ። ስምንት ዓመት "ጋሼ" ሲሏቸው ኖረው በሽኝቱ ቀን "አቶ እገሌ" ማለት ሰውየውን ባዳ ያደርጋቸዋል። እንግዳ ባለሥልጣን ካለ መድረክ መሪው "አቶ" ብሎ ያስተዋውቃቸው፤ እናንተ "ጋሼ" በሉ።

ግማሹ ሰው አማርኛ የማይሰማበት ቤት

ዋሽንግተን አካባቢም ሆነ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ፣ አማርኛ ተናጋሪው ከሌላው ሰው ጋር ተቀላቅሎ በሚሠራበት ቦታ ሽኝት ሲኖር ያንኑ ንግግር በሁለት ቋንቋ ደግሞ ማለት ጊዜውን ያባዛዋል። አስተርጓሚ ማቆምም ለሦስት ዓረፍተ ነገር ይበዛል። የሚሻለው ታሪኩን ሁሉም በሚሰማው ቋንቋ ተናግሮ መዝጊያውን ብቻ በአማርኛ ማድረግ ነው። "ኑሩልኝ" ወይም "እግዜር ይስጥልኝ" ብቻዋን ስትመጣ የማይሰማውም ሰው ምርቃት መሆኗን ከድምፁ ያውቃል፤ የሚሰሙት ደግሞ "አሜን" ይላሉ። ተቃራኒው ግን፣ ታሪኩን በአማርኛ ተናግሮ በሌላው ቋንቋ "አመሰግናለሁ" ማለት፣ ግማሹን ቤት ምን እንደተባለ ሳያውቅ እንዲያጨበጭብ ያደርገዋል። እዚያው ያደጉ የራሳችሁ ልጆች ካሉበት ደግሞ ከቤት ሳትወጡ አንድ ጊዜ አሰሟቸው፤ እነሱ ያልገባቸው ዓረፍተ ነገር ካለ ሌሎቹ የተጋበዙ ልጆችም ላይገባቸው ስለሚችል እሱን አሳጥሩት።